ስለ አዲስ ፍቅር ሲጠየቅ ትልልቆቹ ካርዶች ሲበዙ

የመጨረሻውን ካርድ እንደገለጥኩት ጓደኛዬ ስልኳን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን ሰባት ካርዶች ከላይ ፎቶ አነሣቻቸው። ለማስታወሻ የምትይዘው መስሎኝ ዝም አልኩ፤ ለካ ፎቶውን ልትልከው ያሰበችው ከአምስት ሳምንት በፊት ለተዋወቀችው ሰው ኖሯል። ከሰባቱ ካርዶች አምስቱ ሜጀር አርካና ከሚባሉት ትልልቅ ካርዶች የወጡ ነበሩ፤ ታሮትን፣ ማለትም የሥዕል ካርዶችን ዘርግቶ ማንበብን፣ በጥቂቱም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ትልልቆቹ ካርዶች ሲበዙ «ነገሩ ከሰው እጅ ያለፈ ነው» ሲባል ሰምቷል። እሷም ሰምታለች። «በቃ፣ የእኔ ነው ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ልንገረው» አለችኝ።

«ቆዪ እስቲ፣ ገና አላነበብነውም እኮ» አልኳት።

ከዚያ ምሽት በኋላ ሲከነክነኝ የቆየው የካርዶቹ ብዛት ሳይሆን «ከሰው እጅ ያለፈ ነው» የሚለው አባባል ነው። ስለ ሌላ ጉዳይ ሲጠየቅ አባባሉ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ስለ አዲስ ፍቅር ሲጠየቅ ግን ጠያቂው ሊሰማው የጓጓውን ቃል ምንም ሳይለፋ ያቀብለዋል። ሁለት ሰዎች ገና የሚወዱትንና የሚጠሉትን እየተጠያየቁ ባሉበት ጊዜ «ዕጣ ፈንታችሁ ነው» የሚል ፍርድ ሲሰጥ፣ መታየት የነበረበት ነገር ሁሉ ሳይታይ ይታለፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዝርግ ሲያጋጥም በምን ቅደም ተከተል ማንበብ እንደሚሻል፣ የዚያን ምሽት ንባብ መሠረት አድርጌ ላስረዳ። ካርዶች የወደፊቱን ያውቃሉ ብዬ አላምንም፤ የምጠቀምባቸው አንድ ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ ባልለመደው አቅጣጫ እንዲያስብ ስለሚያስገድዱት ነው። በዚህ የማይስማማ አንባቢም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ይጠቅመዋል ብዬ እገምታለሁ።

ጥያቄዋ «ይህ ሰው የእኔ ነው ወይ?» የሚል ነበር። አዘረጋጌ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቦታ ጠያቂዋ ወደ ግንኙነቱ ይዛው የመጣችውን ነገር ያሳያል፤ ሁለተኛው ሰውየውን በእሷ ዓይን፤ ሦስተኛው በመካከላቸው አሁን ያለውን፤ አራተኛው ያልታየውን፤ አምስተኛው ግንኙነቱ ከእሷ የሚፈልገውን፤ ስድስተኛው የቅርብ ሳምንታቱን፤ ሰባተኛው አቅጣጫውን። የወጡት ካርዶች በተራቸው ግንቡ፣ ኮከቡ፣ የዋንጫ ብላቴና፣ ጨረቃ፣ ፍቅረኞቹ፣ የሳንቲም ሁለት እና የዕድል መንኮራኩር ነበሩ። የተገለበጠ ካርድ የተለየ ትርጉም አለው የሚለውን አሠራር ስለማልከተል ሁሉንም ቀና አድርጌ ነው የዘረጋኋቸው።

ምን ያህል ብርቅ ነው?

ወደ ትርጉም ከመግባት በፊት ቁጥሩን ማየት ያረጋጋል። በአንድ የታሮት ጥቅል ውስጥ 78 ካርዶች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 22ቱ ሜጀር አርካና ሲሆኑ የቀሩት 56 በበትር፣ በዋንጫ፣ በሰይፍና በሳንቲም ወገን የተከፈሉ ማይነር አርካና ናቸው። ትልልቆቹ ከጠቅላላው 28 በመቶ ያህል ስለሆኑ፣ ሰባት ካርድ ሲወጣ ሁለቱ ትልልቅ ቢሆኑ የተለመደ ነው። ከሰባት አምስት ወይም ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድሉ ወደ 1.7 በመቶ ይጠጋል፤ በግምት ከ60 ዝርግ አንዱ መሆኑ ነው። ለአንድ ጠያቂ ይህ ብርቅ ነው። ካርድ ሲያነብ ለኖረ ሰው ግን መቼም ቢሆን የሚያጋጥመው፣ ሲያጋጥመውም ከተለመዱት ይልቅ ጎልቶ የሚያስታውሰው ዝርግ ነው፤ «ትልልቅ ካርዶች ሲወጡ ሁልጊዜ ትልቅ ነገር ይሆናል» የሚለው እምነት አንዱ ምንጩ ይህ የማስታወስ አድልዎ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መታየት ያለበት አበዋወዙ ነው። አዲስ ጥቅል ብዙውን ጊዜ በቅደም ተከተል ተደርድሮ ስለሚመጣ ሃያ ሁለቱ ትልልቅ ካርዶች አንድ ላይ ተከማችተው ይገኛሉ። ካርዱን በእፍኝ በእፍኝ እያነሡ ከፊት ወደ ኋላ መጣል፣ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ይኸው ነው፣ ክምሩን የሚበትነው እጅግ በዝግታ ነው። ጥቅሉን ለሁለት ከፍሎ ጫፍና ጫፉን እያጠላለፉ መበወዝ ይሻላል፤ ለ52 ካርድ የመጫወቻ ካርታ ሰባት ጊዜ ያህል በዚህ መንገድ መበወዝ እንደሚያስፈልግ የሒሳብ ሊቃውንት አሳይተዋል፤ ለ78 ደግሞ ትንሽ ይጨመርበታል። ጥቅሉ በደንብ እንዳልተበወዘ የሚጠቁመው ምልክት ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ትልልቅ ካርዶች በተከታታይ ቦታ መውጣታቸው ነው።

በእሷ ዝርግ ውስጥ ግንቡ ቁጥሩ 16፣ ኮከቡ 17፣ ጨረቃ 18 ስለሆነ መጠራጠሬ አልቀረም። ነገር ግን ጥቅሉ ብዙ የተሠራበት ነበር፤ እሷም እያጠላለፈች ረጅም ጊዜ በውዛዋለች፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከልም ሌላ ካርድ ገብቶበታል። ሦስቱ በአንድ ረድፍ ሳይቋረጡ ወጥተው ቢሆን ኖሮ ሳልተረጉም ሰብስቤ እንደገና እንድትበውዝ አደርግ ነበር። ይህን ያህል ካጣራሁ በኋላ ዝርጉ እንዲቆም ተስማማን።

ቅደም ተከተሉን እሷም አስተውላዋለች። «ከአሥራ ስምንት ቀጥሎ አሥራ ዘጠኝ ፀሐይ አይደል? እንግዲህ የቀረው ፀሐይ መውጣት ብቻ ነው» አለችኝ እየሣቀች። ነገሩ ደስ ይላል፤ ሆኖም ጠረጴዛው ላይ ያልወጣ ካርድ አይነበብም። ይህን ደንብ የሚጥስ አንባቢ የፈለገውን ሁሉ ከየትኛውም ዝርግ ማውጣት ይችላል።

በሰው ቦታ ላይ የወደቀ ትልቅ ካርድ

ትልልቆቹ ካርዶች ክብደታቸውን ያገኙት ከጥንቆላ አይደለም። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነበር፤ ትልልቆቹም ከአራቱ ወገን ካርዶች ሁሉ የሚበልጡ፣ በጨዋታው ላይ ሌላውን የሚያሸንፉ ነበሩ። ለጥንቆላ መዋሉ የተስፋፋው ዘግይቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በጨዋታ ላይ ትልቁ ትንሹን መብላቱ ደንብ ነው፤ በንባብ ላይ ግን ትልቁ ካርድ የትንሹን ቃል የሚሽርበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱ የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ማይነር አርካና ሰው የሚያደርገውን፣ የሚልከውን፣ የሚያዘገየውን፣ የሚደብቀውን ያሳያል። ሜጀር አርካና የሚያሳየው ጠያቂው ነገሩን በሕይወቱ ውስጥ የቱ ጋ እንዳስቀመጠው ነው።

ልዩነቱ አፍጥጦ የሚታየው በሰው ቦታ ላይ ነው። በሁለተኛው ቦታ የዋንጫ ፈረሰኛ ቢወጣ ኖሮ፣ ስለ ሰውየው አካሄድ አንድ ነገር ማለት ይቻል ነበር፦ ስሜቱን ቶሎ የሚገልጽ፣ ግብዣ የሚወድ፣ የጀመረውን መጨረሱ ግን መታየት ያለበት። የሰይፍ ንጉሥ ቢወጣ ሌላ ዓይነት ሰው ይሆናል። ብላቴና፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ የሰው ጠባይ ተሸካሚዎች ናቸው። የወጣው ግን ኮከቡ ነው። በካርዱ ላይ አንዲት ሴት ከኩሬ ዳር ተንበርክካ፣ አንድ እግሯን ውኃው ላይ አሳርፋ፣ ከሁለት ማሰሮ አንዱን ወደ ኩሬው ሌላውን ወደ መሬት ታፈስሳለች፤ ከበላይዋ ስምንት ከዋክብት አሉ። ከመከራ በኋላ የሚመጣ እፎይታና ተስፋ ነው። ስለ ሰውየው ጠባይ ግን አንዳች አይልም። ማንነቱን ሳይሆን በእሷ ታሪክ ውስጥ የተሰጠውን ድርሻ ነው የሚናገረው።

ድርሻው ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ መጀመሪያው ቦታ መመለስ ያስፈልጋል። ግንቡ መብረቅ የመታው ረጅም ሕንፃ ነው፤ አናቱ ላይ የነበረው ዘውድ ተስፈንጥሮ፣ ሁለት ሰዎች በራሳቸው ተዘቅዝቀው እየወደቁ ነው። ካርዱን እያየች ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ ቀለበት እስከ ማሰር ደርሶ ስለ ፈረሰው የቀድሞ ግንኙነቷ ነገረችኝ። ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ሆኖም ስለ አዲሱ ሰው ስታወራ አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም ነበር። ግንቡና ኮከቡ ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚሰጡት ስሜት ግልጽ ነው፤ ይህ ሰው ከፍርስራሹ በኋላ የታየ ብርሃን ሆኗል። ብርሃን የመሆን ሸክም የተጫነበት መሆኑን እሱ ራሱ ያውቅ ይሆን? ይህንን ጮክ ብዬ ስጠይቃት «ከየት ያውቃል፤ ስለ ድሮው ጉዳዬ ነግሬው አላውቅም» አለች።

እዚህ ላይ የማያቋርጥ ፈተና አለ። አንባቢ የሚቀጥሉትንም ትልልቅ ካርዶች በዚሁ ኃይል ማንበቡን ከቀጠለ ታሪኩ እየገነነ ይሄዳል፦ ፍርስራሽ፣ ተስፋ፣ ጨለማ፣ ፍቅር፣ ዕጣ። ያማረ ታሪክ ነው። ችግሩ የአምስት ሳምንት ትውውቅ እንዲህ ያለ ታሪክ ለመሸከም አቅም የሌለው መሆኑ ነው፤ ከመሸከም ሲያቅተው ደግሞ ተወቃሹ ሰውየው ይሆናል።

አምስቱን በደፋኋቸው ጊዜ

ከዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የሞከርኩት። አምስቱን ትልልቅ ካርዶች ባሉበት ቦታ በፊታቸው ደፋኋቸው። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ሁለት ሥዕሎች ብቻ ነበሩ፤ ሦስተኛው ቦታ ላይ የዋንጫ ብላቴና፣ ስድስተኛው ላይ የሳንቲም ሁለት። «ሌሎቹ ጭራሽ እንዳልወጡ ቁጠሪና ንገሪኝ፤ ምን ታያለሽ?» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየቻቸው። በመጨረሻም «እነዚህ ብቻ ከሆኑማ ገና ምንም የለም ማለት ነው» አለች። ቅሬታ ነበረው ድምጿ፤ ስትናገረው ግን የሆነ ነገር ከትከሻዋ እንደ ወረደ ያስታውቅ ነበር። የዚያ ምሽት ንባብ የተጀመረው ያኔ ይመስለኛል።

ይህን ማድረግ የሚቻለው ሁለቱ ትንንሽ ካርዶች የሚነበብ ትዕይንት ስላላቸው ነው። እኔ የምጠቀምበት ጥቅል እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመው፣ አርተር ኤድዋርድ ዌይት ያዘጋጀውና ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው ነው። ከእሱ በፊት በነበሩ በአብዛኞቹ ጥቅሎች የሳንቲም ሁለት ማለት ሁለት ሳንቲም የተሣለበት ካርድ ማለት ብቻ ነበር። ሠዓሊዋ ለእያንዳንዱ ትንሽ ካርድ ሰው፣ ቦታና ድርጊት ሰጠችው። ትልልቆቹ ሲበዙ ዓይን በእነሱ ላይ ስለሚቀር፣ ይህ ሁሉ የዕለት ተዕለት ዝርዝር ሳይታይ ይታለፋል።

የዋንጫ ብላቴና ባሕር ዳር የቆመ፣ በአበባ ያጌጠ ልብስ የለበሰ ወጣት ነው። በያዘው ዋንጫ ውስጥ ዓሣ ብቅ ብሎ ያየዋል፤ እሱም ዓሣውን ያየዋል። ሊይዘው አልሞከረም፤ አልሸሸውምም። ከዋንጫ ወገን አራቱ የቤተ መንግሥት ሰዎች ታናሹ ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው አሁን ያለውን በሚያሳየው ቦታ ላይ ሲወጣ ስሜት መኖሩን፣ ስሜቱ ግን ገና ልጅ መሆኑን ይናገራል። «በመካከላችሁ ያለው ትንሽ፣ ያልተጠበቀ፣ ደስ የሚል ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃት ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም፤ ከሥራ ሲወጣ በየማለዳው የሚልክላት አጭር የድምፅ መልእክት ነው። አንዱን አስደመጠችኝ። የመኪና ጩኸት በሞላበት መንገድ ላይ እየሄደ፣ ሌሊት ያጋጠመውን አንድ አስቂኝ ነገር ይተርካል፤ ግማሹ አይሰማም። ስለ ፍቅር አንድም ቃል የለበትም። ብላቴናው ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የሳንቲም ሁለት ደግሞ ሁለት ሳንቲሞችን እያፈራረቀ የሚጫወት ሰው ነው፤ ሳንቲሞቹን አንድ ገመድ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይዞ ያስተሳስራቸዋል፤ ከኋላው መርከቦች በትልልቅ ማዕበል ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሳንቲም ሥራን፣ ገንዘብን፣ አካልን፣ ጊዜን የሚመለከት ወገን ነው። በቅርብ ሳምንታት ቦታ ላይ ሲወጣ የልብ ጥያቄ አያነሣም፤ የሰዓት ጥያቄ ነው የሚያነሣው። እሱ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ እሷ በቀን። በአምስት ሳምንት ውስጥ በአካል የተገናኙት አራት ጊዜ ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ አንዳቸው እንቅልፍ እያዳፋቸው ያለፉ ናቸው። የትኛው ቀን እንደሚመቸው ጠይቃው ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት አልጠየቀችውም። ለምን? «የምጨቀጭቀው እንዳይመስለው» ብላ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ካርዶች ብቻቸውን የነገሩን ይህ ነው፦ የሚያስደስት ጅማሬ አለ፤ የሚገናኙበት ጊዜ የለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለ? የጉዳዩ ሥር እዚህ ጋ ነበር። ከአንዱ ወገን «ይህ ሰው የእኔ ነው ወይ?» የሚል ግዙፍ ጥያቄ አለ፤ ከሌላው ወገን ደግሞ አንድ ሰው በየትኛው ቀን ዕረፍት እንዳለው ለመጠየቅ የሚፈራ ልብ። ትልልቆቹ ካርዶች የበዙበት ምክንያት በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ወይም ካርዶች ምክንያት የላቸውም የሚል ሰው፣ ርቀቱን ለማየት ዕድል ሰጡ ሊል ይችላል። እኔ በሁለተኛው አባባል ብስማማም በመጀመሪያው ማውራት ይቀናኛል።

ትልልቆቹ ሲመለሱ

ከዚያ የተደፉትን አንድ በአንድ መለስኳቸው። ትንንሾቹ መሬት ከረገጡ በኋላ ትልልቆቹ ሲነበቡ ቃናቸው ይለወጣል፤ እያንዳንዳቸው ለሁለቱ ተጨባጭ ነገሮች ምላሽ እንዲሰጡ ይጠየቃሉ።

ጨረቃ ባልታየው ነገር ቦታ ላይ ነበር። በካርዱ ላይ ሰው የለም፤ ውሻና ተኩላ ወደ ጨረቃዋ አንጋጠዋል፣ ከውኃው ሸርጣን መሰል ፍጥረት እየወጣ ነው፣ መንገዱ በሁለት ግንቦች መካከል ያልፋል። በፍቅር ንባብ ላይ ይህን ካርድ ያየ ሰው ሁሉ «የሚደብቅሽ ነገር አለ» ለማለት ይቸኩላል። ይህ ንግግር የብዙ ሰው ግንኙነት ላይ ጥርጣሬ እንደሚዘራ መገመት አያዳግትም፤ ካርዱ ስለ ውሸት የሚያሳየው ሥዕል ደግሞ የለውም። የሚያሳየው ደካማ ብርሃን ነው፤ በደካማ ብርሃን ውሻውም ተኩላውም አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ለይታ እንድትጽፍ ጠየቅኋት፤ የማታውቀውንና የምትፈራውን። የማታውቀው አጭር ነበር፦ የዕረፍት ቀኑ፣ ፈረቃው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ከዚህ በፊት ከማን ጋር እንደ ነበረ። የምትፈራው ገጹን ሞላው፤ አብዛኛውም የቀድሞው ሰው ያደረገው ነገር ነበር። ደውሎ ካልመለሰ እያራቃት ነው፤ ዕቅድ ካላነሣ ሊተዋት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይህ ነው። በዚህ ሁኔታ ጨረቃ የሚያመለክተው ወደ ሰውየው ሚስጥር ሳይሆን ወደ ግንቡ ነው፤ ሁለቱ ካርዶች ይነጋገራሉ።

ፍቅረኞቹ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ፤ ስለ አዲስ ፍቅር ሲጠየቅ እንደዚህ ካርድ የሚያሳስት የለምና። ስሙ ራሱ መልስ ይመስላል። በ1909ኙ ጥቅል ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ራቁታቸውን ቆመው፣ መልአክ ከበላያቸው እጁን ዘርግቷል፤ ሴቲቱ መልአኩን ታያለች፣ ወንዱ ሴቲቱን። ከሴቲቱ ጀርባ እባብ የተጠመጠመበት ዛፍ አለ። ቀደም ባለው የማርሴይ ጥቅል ላይ ግን ሥዕሉ ሌላ ነው፤ አንድ ወጣት በሁለት ሴቶች መካከል ቆሟል፣ ከበላዩ ክንፍ ያለው ልጅ ቀስቱን ወጥሯል። ሁለቱንም ሥዕሎች የሚያገናኘው ምርጫ ነው፤ እያወቁ፣ ራስን ሳይሸፍኑ የሚደረግ ምርጫ። ወጥቶበት የነበረው ቦታ ደግሞ ውጤቱን አያመለክትም፤ ግንኙነቱ ከእሷ የሚፈልገውን ነው። ስለዚህ «ትፋቀራላችሁ» የሚል ንባብ ቦታውን መርሳት ነው። ከሁለቱ ትንንሽ ካርዶች ጋር ሲነበብ የሚጠይቃት ትንሽ፣ ግን ለእሷ ከባድ የሆነ ነገር ነው፦ የምትፈልገውን በግልጽ መናገር። ዕጣ ፈንታዬ ነህ ማለት ቀላል ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን ላገኝህ እፈልጋለሁ ማለት ነው የከበዳት። የመጀመሪያው ንግግር ሰውየውን ምንም መልስ የማይጠይቅ፣ ቢያስደነግጠውም የሚያስመሰግን ነው። ሁለተኛው እምቢ ሊባል ይችላል።

ፎቶውን ስለ መላክ የነበረው ጉዳይ እዚህ ላይ ተዘጋ። እኔ አልከለከልኳትም፤ ራሷ «ይሄን ብልከው ምን ብሎ ይመልሳል?» አለችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስለ ዕድል መንኮራኩር የምለው አጭር ነው። ብዙ ሰው «ዕጣ» የሚለው ካርድ ይህ ስለሆነ፣ በአቅጣጫ ቦታ ላይ መውጣቱ እሷን መጀመሪያ ላይ ያስፈነደቃት አንዱ ምክንያት ነበር። ሥዕሉ ላይ ግን በመንኮራኩሩ ዙሪያ የሚወርድም የሚወጣም አለ፤ ክንፍ ያላቸው አራት ፍጥረታት በአራቱ ማዕዘን ተቀምጠው መጽሐፍ ይዘዋል። ካርዱ ሁኔታዎች እንደሚዞሩ ይናገራል እንጂ የት ላይ እንደሚቆሙ አይናገርም። ከሳንቲም ሁለት ጋር አንድ ላይ ሳነበው፣ በትልልቅ ካርዶች አንባቢ ዘንድ ያሳፍራል ልበል፣ የታየኝ የፈረቃ መቀያየር ነው። እንዲህ ያለ ዝቅ ያለ ንባብ ትልቁን ካርድ ማዋረድ የሚመስላቸው አሉ። ለእኔ ግን አንድ ትልቅ ካርድ በጠያቂው ሕይወት ውስጥ የሚጨበጥ ነገር ካላገኘ፣ ንባቡ ገና አላለቀም።

በመጨረሻ እንደገና እንዘርጋ አለችኝ፤ «አሁን ተረጋግቻለሁ፣ የተሻለ ይወጣል» በሚል። በአንድ ምሽት ለአንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ አልዘረጋም። ሁለተኛው ዝርግ ከመጀመሪያው ጋር ከተስማማ ትርፍ የለውም፤ ካልተስማማ ደግሞ ጠያቂው የወደደውን መርጦ ሌላውን ይጥለዋል። በዚያ ፈንታ ጥያቄውን ቀየርነው። «ይህ ሰው የእኔ ነው ወይ?» የሚለውን ትተን «እሱን በቋሚነት ለማግኘት ምን ልጠይቀው?» የሚል ጻፈች፤ ለዚህ ደግሞ ካርድ አላስፈለገም።

በዚያው ሳምንት ጠየቀችው። ሐሙስ ዕረፍቱ መሆኑን፣ ፈረቃው በቀጣዩ ወር ወደ ቀን እንደሚዞር ነገራት፤ ለምን እስካሁን እንዳልጠየቀችውም ተገርሟል። ስለ ቀድሞው ግንኙነቷ ገና አልነገረችውም፤ መቼ እንደምትነግረው ስታማክረኝ ጥቅሉን አላወጣሁትም፤ እሷም አውጪው አላለችኝም።